በመሥሪያ ቤታችሁ አካባቢ ኮሌራ ሲገባ ለሠራተኛው ምን ትላላችሁ? የማሳሰቢያ አዘገጃጀት ከነናሙናው

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኮሌራ መግባቱን አሳውቋል። ማኔጀሩ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ደውሎ «ለሠራተኛው አንድ ነገር ጻፉ» ብሏል። ይህ መመሪያ ያንን «አንድ ነገር» ለሚጽፈው ሰው ነው።

እንደ ምሳሌ 220 ሠራተኛ ያለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ እንውሰድ። ሁለት ፈረቃ አለው። ምሳ የሚበላው ግቢው ውስጥ ካለው የሠራተኞች ክበብ ነው። ውሃው የሚመጣው ከሮቶ ነው። ከሠራተኞቹ ውስጥ ገና የሙከራ ጊዜያቸውን ያልጨረሱ አሉ፤ ማሸጊያው ላይ ደግሞ የቀን ሠራተኞች አሉ። ብዙ ግቢ ከዚህ እምብዛም አይለይም።

ከሁሉም በፊት ማሳሰቢያው ለምን እንደሚጻፍ እንስማማ። ዓላማው ተቅማጥ የጀመረው ሰው ሳይደብቅ፣ በመጀመሪያው ሰዓት እንዲናገር ማድረግ ነው። ኮሌራ ሰውን የሚገድለው ከሰውነት ውሃና ጨው አሟጦ ነው። ከባድ ሲሆን ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊሆን ይችላል። በጊዜው ከታከመ ግን ከመቶ ታማሚ አንድ ሰው እንኳ አይሞትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰዓት ነው። የደበቀው ሰው ደግሞ ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ወደ ክበቡ ይገባል። ከታች የምለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው፦ ሰውየው እንዲናገር ይረዳዋል ወይስ ያስፈራዋል?

1. ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉ

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደውሉ ወይም ሰው ላኩ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335 ነው። የምትጠይቁት ብዙ አይደለም። በሽታው በላብራቶሪ ተረጋግጧል ወይስ ገና ጥርጣሬ ነው? የትኞቹ ቀበሌዎች ውስጥ ነው? ሕክምና የሚሰጠው የትኛው ጤና ጣቢያ ነው? ስለምንጠቀመው ውሃ ምን ይመክሩናል? መልሱን የሰጠውን ክፍል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ማሳሰቢያው ላይ «ሰምተናል» ከማለት «የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ትናንት ከሰዓት በኋላ ገልጾልናል» ማለት ወሬውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ገና ካልተረጋገጠ ኮሌራ ብላችሁ አትጻፉ። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ታይቷል፤ የምርመራ ውጤት እየተጠበቀ ነው» በሉ። ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ በአተት አትሸፋፍኑት፤ ኮሌራ በሉት። ሰው ስሙን ውጭ ሰምቶ ገብቶ እናንተ ሌላ ስም ስትጠሩበት «እየደበቁን ነው» ይላል። ጥንቃቄው ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ።

2. የፈቃዱን ጉዳይ አስወስኑ፣ አስፈርሙ

ብዙ ማሳሰቢያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «እጃችሁን ታጠቡ፣ ከታመማችሁ ቤት ቆዩ» ይላል፤ ስለ ደመወዝ ዝም ይላል። ቤት ኪራይ ያለባት ሠራተኛ ዝምታውን «ይቆረጥብኛል» ብላ ታነበዋለች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ የፈቃዱ አንቀጽ ራሱ የጤና ጥንቃቄ ነው፤ ከሳሙናው እኩል ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሠራተኛው መቅረቱን በማግስቱ ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችል ከሆነ ወይም ማሳወቁ የማይቻል ከሆነ ግን አይገደድም። ፈቃዱ የሚሰጠው የሕክምና ማስረጃ ሲቀርብ ነው።

በኮሌራ ጊዜ ይህ በሁለት በኩል ያንሳል። አንደኛ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ያለውን ሰው አያካትትም። የቀን ሠራተኛውም ቢሆን «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ነው የሚያስበው። ክበቡ ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ ማስረጃው። ቀለል ያለ ተቅማጥ ያለበት ሰው ለአንድ ወረቀት ብሎ ጤና ጣቢያ ሲሰለፍ ሊውል ነው፤ ወይም ሰልፉን ሸሽቶ ሥራ ይገባል። አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነው፤ አሠሪው ከዚያ በላይ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ማኔጀሩን እነዚህን አስወስኑት።

በተቅማጥ ወይም በትውከት ለቀረ ሁሉ፣ ቋሚም ይሁን በሙከራ ላይ ያለ ወይም የቀን ሠራተኛ፣ ሙሉ ክፍያ ይሰጥ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወረቀት አይጠየቅ፤ ስልክ መደወል ይብቃ። ከዓመት ፈቃድ አይቀነስ። የመገኘት ጉርሻ ካላችሁ እሱም አይነካ፤ በስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሰው ታሞ እንዲመጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ጉርሻ ነው። የታመመ ሠራተኛ ሲመለስ ተቅማጡ ከቆመ 48 ሰዓት ያለፈው ይሁን። ምግብና ውሃ የሚነካ ሠራተኛ ግን ከዚህ በተጨማሪ የጤና ጣቢያውን ፈቃድ ይዞ ይመለስ። ሰውየው ከዳነ በኋላም ተሕዋሲው ለቀናት ከዓይነ ምድሩ ጋር ሊወጣ ይችላልና።

ቤቱ ውስጥ የታመመ ያለበትስ? ኮሌራ ከተያዘ ሰው ጋር አብሮ ስለኖረ ብቻ ሥራ መከልከል የለበትም። በበሽታው ተሕዋሲ ከተያዙ በኋላ ምልክቱ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ምግብ አብሳይ ከሆነ ለ5 ቀን ሌላ ሥራ ላይ ይመደብ፣ ክፍያው ሳይነካ። ለአስታማሚ አዋጁ ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ድርጅቱ አቅሙ ከፈቀደ በክፍያ ያድርገው።

ማኔጀሩ ወጪውን ቢፈራ በቁጥር አሳዩት። አምስት ሰው ለሦስት ቀን ቢቀር 15 የሥራ ቀን ነው። ክበቡ ተበክሎ አንድ ፈረቃ ቢወድቅ ግን 110 ሰው ነው፤ በአንድ ቀን።

ፊርማው ከሌለ አትለጥፉ። ቃል ተገብቶ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ተቆርጦ ቢገኝ፣ ቀጣዩን ማሳሰቢያ የሚያምን አይኖርም።

3. ዕቃው ይቅደም

«እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» የሚል ወረቀት ከደረቀ ቧንቧ በላይ ተለጥፎ ሲታይ ያሳፍራል። ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት በየመጸዳጃ ቤቱና በክበቡ በር ላይ የሚፈስ ውሃና ሳሙና ይኑር። ቧንቧ ከሌለ ከታች መክፈቻ ያለው ጀሪካን ይበቃል። የእጅ ማጽጃ አልኮል ከመጸዳጃ ቤት በኋላ ሳሙናን አይተካም።

ሮቶው ታጥቦ ይታከም። መጠኑን ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጋር ወስኑ፤ በግምት በረኪና አታፍስሱበት። ለቤት የሚሆን እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ለሠራተኛው ብታድሉ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መመሪያ አሳዩ፤ ከጨመሩት በኋላ 30 ደቂቃ መቆየቱን ሰው ይረሳዋል።

ወለልና መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት፣ የበረኪናው ጠርሙስ 5% የሚል ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ይህ 0.5% ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር አይቀላቀል፤ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። ለጽዳት ሠራተኞቹ ጓንትና ቦት ጫማ ስጡ። እነሱን ረስቶ ለሌላው ማሳሰቢያ መጻፍ ነውር ነው።

በየፈረቃው የኦአርኤስ ፓኬት፣ ንጹሕ ውሃና ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ይቀመጥ። ፓኬቱ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ከሆነ ሙሉው በአንድ ሊትር ይበጠበጣል፤ ግማሹን በብርጭቆ ማድረግ አይሆንም። ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ ክበቡ ጥሬ ሰላጣና ጥሬ ሥጋ ያቁም። ትኩስ የበሰለ ምግብ፣ የፈላ ሻይ፣ የታከመ ውሃ ይበቃል።

4. አሁን ጻፉት

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ የሆነው ነገር፣ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ከታመምሁ ምን ላድርግ፣ ደመወዜ ምን ይሆናል፣ ጥንቃቄ፣ የምደውለው ለማን ነው። እጅ መታጠቡን ከላይ ማድረግ የተለመደ ነው። እኔ ግን ከታች አደርገዋለሁ፤ ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው «እኔ ምን እሆናለሁ» የሚለውን ነውና።

ለፋብሪካችን ይህን ይመስላል፦

> ለሁሉም ሠራተኞች
> ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት
>
> በወረዳችን ኮሌራ መከሰቱን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ትናንት አሳውቆናል። ከሠራተኞቻችን መካከል እስከዚህ ሰዓት ታመመ የተባለ ሰው የለም።
>
> ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። በትንፋሽ ወይም አጠገብ ለአጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም። ቶሎ ከታከመ ይድናል። ከዘገየ ግን በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል።
>
> ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ከጀመራችሁ፣ ትውከት ኖረም አልኖረም፣ ወደ ሥራ አትምጡ። ኦአርኤስ እየጠጣችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ወዲያው ለፈረቃ መሪያችሁ ወይም ለነርሷ ንገሩ፤ ድርጅቱ በመኪና ያደርሳችኋል። ማንነታችሁ ለሌላ አይነገርም።
>
> በዚህ ምክንያት ለቀራችሁበት ቀን ሙሉ ክፍያ ታገኛላችሁ። ይህ ቋሚ ሠራተኛን፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉትንና የቀን ሠራተኞችን ሁሉ ይመለከታል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም። ከዓመት ፈቃድም ሆነ ከጉርሻ አይቀነስም። ተቅማጡ ከቆመ 48 ሰዓት ሲሞላ ትመለሳላችሁ። የክበብ ሠራተኞች የጤና ጣቢያ ፈቃድ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።
>
> የሮቶው ውሃ ታክሟል። ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቤትም ውሃችሁን አፍሉ ወይም አክሙ። ጥሬ ምግብ ለጊዜው ይቅርባችሁ።
>
> ጥያቄ ካላችሁ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ደውሉ ወይም 8335። ቀጣዩ መግለጫ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ይወጣል፤ አዲስ ነገር ባይኖርም።

«እስከዚህ ሰዓት ታመመ የተባለ የለም» የሚለውን ልብ በሉ። «ድርጅታችን ከበሽታው ነጻ ነው» ቢባል ኖሮ ነገ ጠዋት ውሸት ሊሆን ይችል ነበር። ኮሌራ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምልክት አያሳዩም ወይም ቀለል ያለ ብቻ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ነጻ መሆናችሁን ማንም ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። «አትደንግጡ» የሚለውንም አልጻፍሁም። ለደነገጠ ሰው አትደንግጥ ቢሉት አይረጋጋም፤ የሚያረጋጋው የሚያደርገውን ነገር ማወቁ ነው። «ገዳይ ወረርሽኝ»፣ «አስከፊ»፣ «ስጋቱ ከፍተኛ ነው» የሚሉትም ይውጡ። በሌላ በኩል «ቀላል የሆድ ሕመም ነው» ማለትም አይቻልም፤ ሰዓት ያስበላል።

«መመሪያውን የማያከብር በሕግ ይጠየቃል» የሚል መስመር ማኔጀሩ ሊያስጨምር ይፈልግ ይሆናል። እባካችሁ አስቀሩት። የታመመ ሰው ሲያነበው መታመሙ ጥፋት ይመስለዋል።

በሽታው ከየት እንደመጣ ለመገመትም አትሞክሩ። በ2015 ክረምት ቋራ ውስጥ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ሲነሳ ታማሚዎቹ ከብዙ ቦታ የመጡ ጸበልተኞች ነበሩ። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ሳይበቃ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ እንዲህ ይሆናል። «ከጠበል የመጡ ሠራተኞች ይለዩ» ብሎ መጻፍ ግን ቀጥሎ ከጠበል የሚመለሰውን ሰው ዝም ያሰኘዋል። «ባለፉት 5 ቀናት ኮሌራ ወዳለበት ቦታ የሄዳችሁ፣ ሆዳችሁን ቢያማችሁ ቶሎ ንገሩን» በቂ ነው።

5. በቃል ንገሩት

ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ወረቀት ግማሹ ሠራተኛ ዘንድ አይደርስም። በፈረቃ ቅያሪ ላይ አሥር ደቂቃ ማሽኑን አቁሙና የሚታመን ሰው ያንብበው። ከሠራተኛው መካከል ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ተናጋሪው ብዙ ከሆነ በእነዚህም ቋንቋዎች ይነበብ። የፈረቃ መሪዎችን ከግማሽ ሰዓት በፊት ለብቻ ሰብስቡ። ታማሚው መጀመሪያ የሚያየው የእነሱን ፊት ነው። «ዛሬ ደግሞ ተቅማጥ መጣላችሁ?» የምትል አንዲት አሽሙር የማኔጀሩን ፊርማ ታፈርሳለች።

ጥያቄዎቹ ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው። «አረቄና ነጭ ሽንኩርት ይገድለዋል ይባላል፤ እውነት ነው?» አይደለም፤ አረቄ እንዲያውም ከሰውነት ውሃ ያስወጣል። «ለምን ለሁላችንም አንቲባዮቲክ አትሰጡንም?» ለጤነኛ በጅምላ መስጠት አይመከርም፤ ተሕዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። መድኃኒቱ ሐኪም ለሚያዝለት ታማሚ ነው። «ክትባትስ?» በአፍ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ የሚሰጠው የጤና ቢሮ በሚያወጣው ዘመቻ ነው። ዘመቻው ወደ ሰፈራችሁ ከመጣ በሥራ ሰዓት ሄዳችሁ ትከተባላችሁ በሏቸው፤ ይህንንም ቀድማችሁ አስወስኑ። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ ጻፉትና ሐሙስ መልሱት።

6. አንድ ሰው ሥራ ላይ ሲታመም

ረቡዕ 4 ሰዓት ላይ ከስፌት ክፍል አንዲት ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ተመላልሳለች እንበል። ተቅማጡ የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ፈረቃ መሪዋ ሰው ሳትሰበስብ ወደ ነርሷ ትወስዳታለች። ኦአርኤስ እዚያው ትጀምራለች፤ ብታስመልስ እንኳ ጥቂት ቆይታ በትንሽ በትንሹ ትቀጥላለች። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መነሳት ካቃታት፣ መጠጣት ካልቻለች ደቂቃ አይጠበቅም። መኪናው ውስጥም እየጠጣች ትሄዳለች። የተጠቀመችበት መጸዳጃ ቤት ተዘግቶ በተበጠበጠው በረኪና ይጸዳል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይታጠባል። ነርሷ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ትደውላለች፤ የኮሌራ ጥርጣሬ ወዲያው ይነገራል፣ ውጤት አይጠበቅም። ማሽኖቹን ሁሉ ማጠብ፣ ክፍሉን መዝጋት፣ አጠገቧ የነበሩትን ወደ ቤት መላክ አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ የሚወጣው አጭር መግለጫ ስምም ክፍልም አይጠቅስም፦ «ዛሬ አንድ ሠራተኛ የተቅማጥ ምልክት አሳይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዷል። የምርመራ ውጤት አልመጣም። መጸዳጃ ቤቱ ጸድቷል። የክበቡን ውሃ የጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ያዩታል። ቶሎ ስለተናገረ እናመሰግናለን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉአት። ሌላው ሠራተኛ የሚማረው ከሷ ነው።

7. መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

የሕመም ስልኩ ከበዛ አትከፉ፤ ማሳሰቢያው እየሠራ ነው። የሚያሳስበው ሲጠፋ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ታማሚ እየጨመረ እናንተ ጋ በሳምንት አንድም ሰው ካልደወለ፣ ሰው እየደበቀ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የጽዳት ሠራተኞችን ጠይቁ፤ መጸዳጃ ቤቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የነርሷ ኦአርኤስ ሳይነካ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ፋርማሲ ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን የሚገዛ ሠራተኛ ከበዛም ምልክቱ ያው ነው። ያን ጊዜ ክፍያውን የሚያወጣውን ሰው ፈልጉና ለቀሩት በእርግጥ ተከፍሏቸው እንደሆነ መዝገቡን እዩ። ለአንዱ የቀን ሠራተኛ ሳይከፈል ቀርቶ ከሆነ ዛሬውኑ ክፈሉት። ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል።

የሐሙሱን መግለጫ በሰዓቱ አውጡ፣ የሚቀጥለውንም። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወረርሽኙ ማብቃቱን ሲያሳውቅ የመጨረሻውን ጻፉ፤ ያለ ወረቀት የሚሰጠው የ3 ቀን ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከዚያ ቀን በፊት ለታመሙት ግን ቃሉ እንደጸና ይቆያል።